ከአስሊ ስንዴ ኋላ

ብርቅነሽ የምትሸጠው እንጀራ ነው፤ ወሬውን ትመርቅበታለች። ሀርጌሳ ዳሚ ሰፈር፣ ቆርቆሮ ቤቷ ደጃፍ ላይ እንጀራ ሊገዛ የቆመ ሰው ምን ቢቸኩል፣ ጤፏ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደተነፋ፣ ስንት ቀን እንደተቦካ ሳይሰማ አይሄድም። ዘመኑም ያናግር ነበር። በዚያ ዓመት ጎጃም ውስጥ ጦርነቱ በርትቶ፣ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሳምንት እየተዘጋ፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚገባው ጤፍ እንደ ወርቅ ተወደደ። ጋጋሪው ሁሉ ሩዝ ይጨምር፣ ማሽላ ይጨምር፣ የስንዴ ዱቄት ይጨምር ጀመር። ዋሄን ገበያ የሚገዛው እንጀራ አባቱ የማይታወቅ ሆነ።

ብርቅነሽ ግን ደረቷን ነፍታ፣ «እኔ ጤፌን የምቀላቅለው ከውሃ ጋር ብቻ ነው» ትላለች። ሐሰት አልነበረበትም። ሌላ ዱቄት በቤቷ ደጅ አልፎ አያውቅም፤ ለራሷ እንኳ ዳቦ ሲያምራት ገዝታ ትበላለች እንጂ አትጋግርም። ይህ ስሟ ነው ኡባህን ያመጣላት።

ኡባህ የኢንሹራንስ ቢሮ ሠራተኛ ናት። ወላጆቿ ሀርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ሸሽተው ድሬዳዋ ገብተው ነበርና፣ እሷ እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው አማርኛውንም እንጀራውንም ለምዳ ያደገች ሱማሌ ናት። ትልቅ ሰውን አንቱ ማለት አታውቅም፤ ድሬ ማን አስተምሯት! ብርቅነሽን፣ በዕድሜ እናቷ ልትሆን የምትችለውን ሴት፣ «አቦ ብርቄ» ነው የምትላት። ብርቅነሽም ሌላ ሰው ቢላት የምትቆጣውን፣ ከኡባህ አፍ ሲወጣ ትወደዋለች።

ይህች ኡባህ ሆዷ ሲነፋ፣ ሲያስቀምጣት፣ ደሟ ሲያንስ፣ ቀሚሷ ሲሰፋት ከርማ አዲስ አበባ ሄዳ ተመረመረች። ሲሊያክ የሚሉት በሽታ ነው ተባለች። ስንዴ፣ ገብስና አጃ መሳይ እህሎች ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ነገር አንጀቷን ያስቆጣዋል፤ አንጀቷ ራሱን በራሱ ይጎዳል። መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ። ቁርሷ የነበረው ላሆህ፣ ያ በስንዴ ዱቄት የሚጋገረው የሱማሌ ስስ እንጀራ፣ ቀረ። ዳቦው ቀረ፣ ፓስታው ቀረ፣ ሳምቡሳው ቀረ። ጤፍ ግን በተፈጥሮው ያ ነገር የለበትምና አልተከለከለችም። ስለዚህ በየሐሙሱ ከቢሮ ስትወጣ ብርቅነሽ ዘንድ ትመጣለች፤ የሳምንቷን እንጀራ ትወስዳለች፤ ከመውሰዷ በፊትም ሁለቱ ቁጭ ብለው ሽሮ ይበላሉ።

ለብርቅነሽ ሐሙስ ማለት ይኸው ነው። ደንበጫ ያለችው እህቷ ሸዋዬ ስልኳ ከተቋረጠ ወራት አልፎታል፤ ስትደውልላት የምትመልስላት ያቺ «ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም» የምትል ሴትዮ ብቻ ናት። ዳሚ ውስጥ የምትሸጥለት ሰው ሞልቷል፤ አብሯት የሚበላ ግን ኡባህ ብቻ ናት። ብቻን መብላት እንዴት እንደሚያንቅ የምታውቀው እሷ ናት።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ኡባህ ገብታ ሳትቀመጥ፣ «አቦ ብርቄ፣ አትቆጪኝም?» አለች።

«ካልተናገርሽ በምን እቆጣለሁ?»

«ሐኪሙ ደሜን ዛሬ አየልኝ። የበሽታው ምልክት ምንም አልወረደም። ወላሂ አንድ ቁራሽ ዳቦ አልነካሁም። እሱ ግን ከየት እንደሆነ አላውቅም እንጂ ስንዴ እየገባሽ ነው ይለኛል። ከቤቴ ውጪ የምበላው ደግሞ ያንቺን እንጀራ ብቻ ነው።»

ብርቅነሽ ነገሩ ሲገባት ነጠላዋን አወለቀች፣ መልሳ ለበሰች፣ እንደገና አወለቀች። «እኔ? እኔ ብርቅነሽ ስንዴ?»

«አልኩ እንዴ? ጠየቅሁ እንጂ።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉሻል ይሄ ነው! ይሄ ሐኪም የት ነው ያለው?»

እዚሁ ሀርጌሳ የሚከታተላት ሐኪም ዶክተር አብዱልሃሚድ ይባላል፤ ጎንደር የተማረ፣ አማርኛው ከብርቅነሽ የማያንስ ሰው ነው። በማግስቱ ክሊኒኩ ተራ ጠባቂዎች መካከል አንዲት ሴት የሊጥ ባልዲ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣ አገኘ። ሊጡ በሙቀቱ ኩፍ ብሎ ክዳኑን እየገፋ ነበር። ብርቅነሽ ስሟ እስኪጠራ አልጠበቀችም።

«ይኸው፤ ይመርመሩት! ስንዴ ካለበት እኔ ሃይማኖቴን እቀይራለሁ!»

«ኧረ እናቴ፣ ሃይማኖትዎን ይያዙ፣ ባልዲውን መሬት ያስቀምጡት» አለ ዶክተሩ ሳቁን እየዋጠ። ሊጥ የሚመረምር መሣሪያ እንደሌለው፣ እሱ የሚያየው የኡባህን ደም እንደሆነ ነገራት። «ጤፍዎን አልጠረጠርኩም። ጤፍ ኡባህን የሚጎዳው ነገር የለበትም፤ ከተፈጥሮው ነጻ ነው። ነጻ ሆኖ የተወለደ ግን መንገድ ላይ ሊያዝ ይችላል። ከማሳው እስከ ሳህኑ ድረስ የሆነ ቦታ ስንዴ እየነካው ነው።»

«ቢነካውስ? ይቦካል። ከዚያ እሳት ላይ ይወጣል። እሳት የማይገድለው ምን አለ?»

«ይሄ ተሐዋሲ አይደለም፣ አይሞትም። ቢቦካም ቢጋገርም ያው ግሉተን ነው።»

«ስንት ቢሆን ነው የሚጎዳት ታዲያ? እፍኝ?»

ዶክተሩ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጋጥሞ አሳያት፣ ጨው የሚቆነጥር ይመስል። «በየቀኑ ይቺን ካገኘች ይበቃታል። ለእርስዎ፣ ለእኔ፣ ለሌላው ደንበኛዎ ምንም አይደለም። ኡባህ ግን አንጀቷ አይድንም። በሚቀጥለው ምርመራ ካልወረደ እንጀራውን ትተሽ ሩዝ ብዪ ልላት ነው። ሌላ የምለው የለኝም።»

ብርቅነሽ ባልዲዋን አንጠልጥላ ወጣች። መንገድ ላይ ስለ ሊጡ የጠየቃት ሰው ሁሉ መልስ አላገኘም፤ እሷ ዝም ስትል ደግሞ ታማለች ማለት ነው። ሐሙስ ሐሙስ መሆኑ ቀርቶ፣ ኡባህ ሌላ ቤት ሩዝ በማንኪያ ስትበላ፣ እሷ ሽሮዋን ለብቻዋ ስትጠርግ በሐሳቧ ታያት። አንገበገባት። ወዲያውም ተናደደችና ስልኳን አወጣች። «ኡባህ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። ቅዳሜ ከቢሮሽ አስፈቅደሽ ነይና ጤፉ ከጆንያ ከወጣበት ጀምሮ እያንዳንዷን ነገር በዓይንሽ እዪ። ጥፋት ካገኘሽብኝ እኔ ራሴ ሩዙን እቀቅልልሻለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ኡባህ መጣች። ብርቅነሽ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ሰው ተዘጋጅታ ጠበቀቻት። ቤቱ ተጠርጓል፣ ባልዲው ታጥቧል፣ እሷም አዲስ ሻሽ አስራለች። ጤፉን በወንፊት ነፋችው። ጤፍ ደቃቅ ነውና በወንፊቱ ዓይን ሾልኮ ሲወርድ፣ ከሱ የሚተልቀው ሁሉ ላይ ይቀራል፦ ጠጠሩ፣ ገለባው፣ ከገበሬው አውድማ ወይም ከነጋዴው ጆንያ የተቀላቀለ ሌላ እህል። ኡባህ ጎንበስ ብላ ከቀረው ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬ ስንዴ አነሳች።

«ይኸውልሽ ብርቄ!»

«የታሰረ ሌባ እኮ ነው የያዝሽው!» አለች ብርቅነሽ። «ወንፊቱ ለዚህ ነው። ከታች ያለውን እዪ።» ኡባህ ከታች ያለውን በመዳፏ እየዘገነች አየች፤ ጤፍ ብቻ ነው። ብርቅነሽ እንደገና ነፋችው፣ ለክብሯ። ከዚያ እርሾውን አሳየቻት፤ ካለፈው ሊጥ የተቀመጠ፣ የራሷ፣ ከማንም ያልተበደረችው። ሰፌዷን፣ ማሰሻ ጨርቋን አሳየቻት፤ የማንም ላሆህ ያልነካቸው። ኡባህ እያንዳንዱን ባየች ቁጥር አንገቷን ትነቀንቃለች፣ ብርቅነሽም አንድ ስንዝር ትረዝማለች።

«የቀረው ወፍጮ ቤቱ ነው» አለች በመጨረሻ። «እሱን እንኳ ባታዪውም ምንም የለውም። ግን ነይ፣ ብልሃቴን ላሳይሽ። ይሄን ብልሃት ዳሚ ውስጥ የሚያውቅ የለም።»

ወፍጮ ቤቱ የሳኪሪያ ነው። ሳኪሪያ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት የለበሰ፣ ጆሮው በሞተሩ ጩኸት የደነቆረ ደግ ሰው ነው፤ ያለው አንድ ወፍጮ ስለሆነ ማሽላውም፣ በቆሎውም፣ ስንዴውም፣ ጤፉም በዚያው ያልፋል። ብርቅነሽ ገና ከደጅ አንገቷን አስግጋ ወረፋውን ቃኘች። ሁለት የማሽላ ሴቶች፣ አንድ የበቆሎ ሽማግሌ፣ ከፊት ደግሞ አስሊ። አስሊ ጠዋት ጠዋት ላሆህ እየጋገረች የምትሸጥ ወፍራም ሳቂታ ሴት ናት፤ የእርዳታ ስንዴዋን በጆንያ አምጥታ ማስፈጨት ልማዷ ነው።

ብርቅነሽ የአስሊን ጆንያ ስታይ ፊቷ በራ። የማሽላዎቹን ሴቶች «ወላሎ፣ እህቶቼ፣ ይቅርታ፣ እቸኩላለሁ» ብላ በሱማሊኛ አባበለች፤ ሽማግሌውን መረቀችው፤ በክርኗ ገፋ፣ በጆንያዋ ገፋ አድርጋ ልክ ከአስሊ ኋላ ቆመች። ከዚያ ወደ ኡባህ ጆሮ ተጠጋች፣ ሞተሩ ይጮሃልና በሹክሹክታ መጮህ ነበረባት።

«ይኸውልሽ ብልሃቱ! ወፍጮ ሆዳም ነው። ባዶውን ከጀመርሽለት ያንቺን ዱቄት ድንጋዩ ሥር፣ ጎን ጎኑ ላይ ያስቀርብሻል። ሌላ ሰው ቀድሞ ካበላው ግን ጠግቧል። ያንቺ ሲገባ የፊተኛይቱን ቅሪት ገፍቶ ላንቺ ያወጣዋል! ጤፍ በተወደደበት ዘመን ይሄ ቀላል ነው? አንድ ጣሳ ሙሉ እኮ ነው!»

ኡባህ የአስሊን ጆንያ አየችው።

«ሁልጊዜ ነው?» አለች።

«ሁልጊዜ እንጂ! ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ አንድ ቀን አልሳትኩም። የአስሊ ደግሞ ይሻላል፣ ስንዴ ብዙ ይቀራል፣ ዱቄቷም ነጭ ነው፣ ጤፌን ያስውበዋል።»

በዚህ መሐል አስሊ ጨርሳ ጆንያዋን አስራ ወጣች። ሳኪሪያ የብርቅነሽን ጤፍ በላይኛው አፍ ገለበጠው። ከታች መጀመሪያ የወረደው በረዶ የመሰለ ነጭ ዱቄት ነበር። ቀጥሎ ነጭና ቡናማ ሆነ። ቀስ እያለ ወደ ጤፍ ቀለም መጣ። ብርቅነሽ ጆንያውን ወጥራ ይዛ፣ «አየሽው? አየሽው?» እያለች በደስታ ትስቃለች።

ሳቋ መሐል ላይ ቆመ። ነጩን ዱቄት አየችው። ኡባህን አየቻት። እንደገና ነጩን ዱቄት አየችው።

ሰው አይፍረድባት። በብርቅነሽ ልብ ውስጥ መቀላቀል ማለት ሰው በእጁ ዘግኖ የሚጨምረው ነው። ወፍጮ የሚሰጠው ሲሳይ ነው፤ ሲሳይ ደግሞ እህሉ አይጠየቅም። ሃይማኖቷን አስይዛ የማለችው ከልቧ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ስንት ጊዜ በሌላው ስቃለች፤ አሁን የቆጡም የብብቱም እኩል ፊቷ ላይ እየወረደ ነበር።

«አቦ ብርቄ» አለች ኡባህ፣ «ስንዴውን ገዝተሽ ብትቀላቅዪ ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ ታስታውሺው ነበር።»

ይህን ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን አላለቀም፤ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች፣ ዕንባዋ መጣ፣ ከዚያ ዕንባው ብቻ ቀረ። ስንት ወር ሙሉ በየሐሙሱ ልድን ነው ብላ በሽታዋን በላስቲክ ጠቅልላ ቤቷ ስትወስድ ከርማለችና። ብርቅነሽ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፣ እጇ ዱቄት ሆኖ አየችውና ሰበሰበችው።

«እኔ ልሙትልሽ» አለች። «እኔ ልደፋ። በገዛ እጄ!»

«ባንቺ እጅ አይደለም። በአስሊ ነው» አለች ኡባህ አፍንጫዋን እየጠረገች።

ማታውኑ ለዶክተር አብዱልሃሚድ ደወሉ። ነገሩን ሲሰማ ስልኩ ውስጥ ረጅም ሳቅ ተሰማ፣ ከዚያ ረጅም ይቅርታ። ብርቅነሽ፣ «ታዲያ ከነገ ጀምሮ ወፍጮውን ጠርጌ ቀድሜ አስፈጫለሁ፤ የመጀመሪያውንም ዱቄት ለሌላ ደንበኛ አደርገዋለሁ» አለች። ዶክተሩ ይሻላል፣ ግን አላምነውም አለ። ስንዴ የሚፈጭበት ቤት አየሩ ሳይቀር ስንዴ ነው፤ ድንጋዩ ሸካራ ነው፣ ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ አለው። ደግሞም አሮጌው እርሾ፣ ባልዲው፣ ሰፌዱ፣ ጨርቁ ሁሉ ያንን ዱቄት ጠጥቶ የኖረ ነው።

ብርቅነሽ ሌሊቱን ስታሰላስል አደረች ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ጥሩ አድርጋ ተኛች። ጠዋት ግን ቆርጣ ተነሳች። የሄደችው ወደ ዘሩባቤል ነው። ዘሩባቤል ሼክ ኑር ሰፈር የሚኖር ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ሁልጊዜ የሚበላ፣ ሁልጊዜ የሚቀልድ የእንጀራ ደንበኛዋ።

«ወፍጮ ጥረብልኝ» አለችው። «ከነመጁ። የእጅ ወፍጮ።»

«እትዬ ብርቅነሽ፣ ምን ነካሽ? የእጅ ወፍጮ ጠልቼ ነው ካገሬ የወጣሁት ስትዪ አልነበረም?»

«ብዬ ነበር። ጥረብ።»

ምክንያቱን ሲሰማ ዘሩባቤል ዓይኑን አጠበበ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱም ሆዱን እየያዘ ያቃስት ጀመር፤ ያ ለኡባህ የሚዘጋጀው ልዩ እንጀራ ካልሆነ አልስማማ አለኝ አለ። ብርቅነሽ ይዛው ዶክተሩ ዘንድ ሄደች። ተመርምሮ ምንም የለብህም ተባለ። ቅር አለው፤ ወፍጮውን ግን አሳምሮ ጠረበ፣ አጥቦም ተሸክሞ አመጣላት።

ብርቅነሽ የቤቷን አንድ ጥግ በመጋረጃ ጋረደች። እዚያ የሚገባው የኡባህ ብቻ ነው፦ አዲሱ ወፍጮ፣ አዲስ ባልዲ፣ አዲስ ሰፌድ፣ ኡባህ የገዛችው ትንሽ ምጣድ፣ ሁሉም ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። እርሾውን ከዜሮ ጀመረችው፤ በመጁ የፈጨችውን የጤፍ ዱቄት በውሃ በጥብጣ ክዳን ከድና እስኪነሳ ጠበቀች። መጀመሪያ የጋገረችው እንደ ቁርበት ደረቀ፤ ሁለተኛው ዓይን አላወጣም። ሦስተኛው እንጀራ ሆነ። ለሌላው ደንበኛዋ ያው የሳኪሪያ ወፍጮ ዱቄት ነው፤ ማንም ምንም አልሆነም። ከአስሊ ኋላ መቆሙን ግን ተወችው፤ «ጤፌን የምቀላቅለው ከውሃ ጋር ብቻ ነው» ማለት የምትችለው ያኔ ብቻ መሆኑ ገባት። አሁን ቀድማ ታስፈጫለች፤ ከኋላዋ ያለችው አስሊ ደግሞ «ምነው ዱቄቴ ጠቆረ?» እያለች ታጉረመርማለች።

መጅ ይዞ መንበርከክ በዚህ ዕድሜ ቀልድ አይደለም። ወገቧ ይጮሃል፣ ጉልበቷ ይሰነጠቃል። ጤፍ ደግሞ ከደቃቅነቱ የተነሳ ድንጋዩ ሥር እየተንሸራተተ ያሾፍባታል። ስትፈጭ እህቷ ትዝ ትላታለች፤ ሁለቱ ልጆች ሆነው ፊት ለፊት ተንበርክከው ይፈጩ ነበርና። ሸዋዬ በሕይወት ትኑር አትኑር አታውቅም። ማታ ማታ ታለቅሳለች፣ መፍጨቱን ግን አላቋረጠችም። ለሸዋዬ ማድረግ የምትችለው የለም፤ ለኡባህ ግን አለ።

ክረምቱ መጥቶ አለፈ። ኡባህ ጉንጯ ሞላ፣ ቀሚሷን ማጥበብ ትታ ማስፋት ጀመረች። ያም ሆኖ ሁለቱም የሚጠብቁት የደሙን ውጤት ነበር።

የምርመራው ቀን የዋለው በማርያም ዕለት ነው። ብርቅነሽ ዝክር ነበራት፤ ጥቂት ያገር ልጆች ጠርታ፣ ከዳቦ ቤት ያሠራችውን ትልቅ ድፎ እየቆረሰች ስታድል፣ ኡባህ በሩን በርግዳ ገባች።

«ወረደ!» አለች። «ወርዷል ብርቄ! ገና ሙሉ በሙሉ አልጠራም፣ ግን በግማሽ ወርዷል! በዚሁ ቀጥዪ አለኝ፣ እንጀራሽን ብዪ አለኝ!»

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ዘሩባቤል ዳቦውን እንደጎረሰ አጨበጨበ። ብርቅነሽ እንዴት እንደተነሳች አታውቅም፤ መጋረጃውን ገልጣ ቀይ ክር የታሰረበትን ሰፌድ አወጣች፣ ከተለየችው ድስት ሽሮ ቀዳች፣ ዕንባዋ እየወረደ ከእንጀራው ቆርሳ ጠቀለለችና ወደ ኡባህ አፍ ዘረጋች። ኡባህም ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። እጇን አላየችም፣ ምንም አልጠየቀችም።

ብርቅነሽ ጣቶቿን አየች። የድፎው ፍርፋሪ ጥፍሯ ሥር ነበር።

በሕይወቷ ሙሉ የሰው አፍ ተከፍቶላት እጇን መልሳ አታውቅም። መለሰችው። ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው፣ የነካችውን እንጀራ ከነሰፌዱ ለእንግዶቹ ተወችው። ተናግራ ልታስረዳ ብትሞክር አፏ ሙሉ ነበር። ወደ ጓሮ ሮጠች፣ ሳሙናውን አንስታ እስከ ክንዷ ድረስ አሸች፣ ጥፍሯን አንድ ባንድ ፈተገች፣ አለቀለቀች፣ እንደገና አሸች።

«አቦ ብርቄ፣ ምነው ቆየሽ?» አለች ኡባህ ከውስጥ።

«መጣሁ፣ እንዳትዘጊው!» አለች ብርቅነሽ፣ እጇን እያራገፈች።

ኡባህ አፏን ከፍታ ጠበቀቻት።